የሥራ ልምድ ማስረጃ መጠየቂያ ደብዳቤዬን በመደበኛ ቅርጽ ለማስተካከል፦ የላኪ አድራሻ የት ይቀመጣል?

የካዛንቺሷ

የመድረኩ አባላት በሙሉ፣ ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። ቀደም ሲል በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሂሳብ ሠራተኛነት አገለግል ነበር። አሁን ለሌላ የሥራ መደብ ለመወዳደር የሥራ ልምድ ማስረጃ ስላስፈለገኝ የመጠየቂያ ደብዳቤ ጽፌ ወደ ቀድሞው መሥሪያ ቤቴ ወሰድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ግን ገና ከላይ እንዳየችው «ይህ ደብዳቤ ሥርዓቱን የጠበቀ ስላልሆነ አስተካክለሽ አምጪው» ብላ መለሰችልኝ። ምኑ እንደጎደለ ብጠይቃትም ከኋላዬ ሰልፍ ስለነበረ ልታስረዳኝ ጊዜ አላገኘችም። ደብዳቤውን በስልኬ ላይ ጽፌ በኋላ ወደ ዎርድ የገለበጥኩት ሲሆን ስሜንና የድርጅቱን ስም አውጥቼ እንደሚከተለው አቅርቤዋለሁ።

> ለሚመለከተው ሁሉ፡፡ እኔ ስሜ ከታች የተገለጸው አመልካች በድርጅታችሁ በሂሳብ ሠራተኛነት ከ1/1/2011 እስከ 30/10/2016 ሳገለግል ቆይቼ በራሴ ፈቃድ የለቀቅኩ ሲሆን ንብረትም አስረክቤ ክሊራንስ የወሰድኩ በመሆኑ አሁን ለሌላ መሥሪያ ቤት ለመወዳደር የሥራ ልምድ ስለሚያስፈልገኝ በወቅቱም የነበረኝ ደመወዝና የሥራ መደብ ተጠቅሶ እንዲጻፍልኝ እየጠየቅኩ ግልባጩም ለሂሳብ ክፍል እንዲደርስ ሆኖ የክሊራንሱንም ኮፒ ከዚህ ጋር ያያዝኩ መሆኑን እየገለጽኩ ለሚደረግልኝ ትብብር ሁሉ አመሰግናለሁ፡፡ አመልካች (ስም) ስልክ (ቁጥር) ካዛንቺስ

የላኪው አድራሻ ከላይ ነው ወይስ ከታች የሚቀመጠው? ቀኑ፣ የተቀባዩ አድራሻና ጉዳዩስ በምን ቅደም ተከተል ይሰፍራሉ? የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የስድስት ኪሎ መምህር

እህቴ፣ መልሱ በትምህርት ቤት የአማርኛ መማሪያ ውስጥ የተማርነው ነው። የላኪው አድራሻ ከገጹ በላይ በስተቀኝ ይቀመጣል፤ ከእሱ ሥር ቀኑ ይጻፋል፤ ወረድ ብሎ በስተግራ የተቀባዩ አድራሻ ይሰፍራል፤ ከዚያ ጉዳዩ በገጹ መካከል ላይ ከተሰመረበት በኋላ ሐተታው ይቀጥላል፤ መጨረሻ ላይ በስተቀኝ «ከሰላምታ ጋር» ተብሎ ፊርማና ስም ይከተላል። በዎርድ ላይ ይህን ለማድረግ የላኪውን አድራሻ መርጠው ወደ ቀኝ የሚያስጠጋውን ምልክት መጫን ብቻ ይበቃል። ከቀኑ በላይ «ቁጥር» የሚለውን መጻፍም አይርሱ፤ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ መደበኛ ተብሎ ሊቆጠር አይችልም።

ልደታ

እኔም በቅርቡ በአከራይና ተከራይ ጉዳይ ደብዳቤ ማስገባት ስለነበረብኝ ስለዚሁ ነገር ብዙ አጣርቻለሁ። ከላይ በመጀመሪያ የፍርድ ቤቱ ስም ይጻፋል፣ በስተቀኝ የመዝገብ ቁጥሩ ይሰፍራል፣ ቀጥሎ የአመልካችና የተጠሪ ስም ከነሙሉ አድራሻቸው ፊት ለፊት ይቀመጣል። እህታችንም ድርጅቱን ተጠሪ፣ ራስዎን አመልካች አድርገው ቢጽፉ ማንም መዝገብ ቤት አይመልስብዎትም ብዬ አምናለሁ። ራፖር ጸሐፊዎቹም የሚያውቁት ይህንኑ ነው።

መዝገብ ቤት ነበርኩ

ሁላችሁንም አክብሬ ሰላም እላለሁ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት፣ በኋላም በመዝገብ ቤት ኃላፊነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ስለሆነ፣ ደብዳቤው ለምን እንደተመለሰ ከሠራተኛዋ ወንበር ሆኜ ልግለጽ።

በቅድሚያ ለልደታው ወንድማችን፦ እርስዎ የገለጹት የፍርድ ቤት አቤቱታን ቅርጽ ነው። ለክርክር ትክክለኛ ቢሆንም ከቀድሞ አሠሪ በመልካም ግንኙነት ማስረጃ ለሚጠይቅ ሰው አይሆንም። «ተጠሪ» የሚል ቃል የያዘ ወረቀት ወደ ድርጅቱ ቢገባ ሠራተኛዋ ለሰው ሀብት ክፍል በመምራት ፋንታ ለሕግ ክፍል ትመራዋለች፤ የእህታችን ጉዳይም እዚያው ይቆያል።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልመለስ። መዝገብ ቤት የተቀመጠ ሰው ደብዳቤን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አያነብም፣ ሊያነብም አይችልም። በገቢ መዝገቡ ላይ የሚሞላቸው ዓምዶች አሉት፤ ከማን እንደመጣ፣ የተጻፈበት ቀን፣ ለማን እንደተጻፈና ጉዳዩ ምን እንደሆነ። ዓይኑ እነዚህን በተለመደው ቦታቸው ላይ ይፈልጋል። የእርስዎ ደብዳቤ በአንድ አንቀጽ የተጻፈ ስለሆነ ሠራተኛዋ ጉዳዩን ለማወቅ እስከ ሦስተኛው መስመር ማንበብ አለባት፤ የተጻፈበት ቀን ከነጭራሹ የለም፤ የላኪውን ስም የምታገኘው ከመጨረሻው መስመር ላይ ነው። ከሁሉም የሚከብደው ግን አናቱ ላይ ያለው «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለው ነው። ይህ አገላለጽ ድርጅቱ ለእርስዎ በሚሰጥዎት ማስረጃ ላይ የሚሰፍር ነው፤ ምክንያቱም ማስረጃውን ወደፊት ለየትኛው ቀጣሪ እንደሚያሳዩት ድርጅቱ አያውቅም። እርስዎ ግን ለማን እንደሚጽፉ ያውቃሉ። ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ደብዳቤ ለሁሉም ከተጻፈ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ማንም የእኔ ነው ብሎ አይቀበለውም።

ስለዚህ የተቀባዩ አድራሻ በስተግራ እንዲህ ይሁን፦ በመጀመሪያው መስመር «ለ» ከሚለው ጋር የድርጅቱ ሙሉ ስም፣ በሁለተኛው የሰው ሀብት አስተዳደር መምሪያ ወይም በድርጅቱ ውስጥ በሚጠራበት ስም፣ በሦስተኛው ከሥሩ የተሰመረበት አዲስ አበባ። የኃላፊውን የግል ስም አይጻፉበት። ሰውየው ፈቃድ ቢወጣ ወይም ቢዛወር፣ በስሙ የመጣ ደብዳቤ የግል ነው ተብሎ ሳይከፈት ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

መምህር ስለ ቅደም ተከተሉ ያሉት ትክክል ነው። «ቁጥር»ን በተመለከተ ግን አልስማማም። የደብዳቤ ቁጥር የሚሰጠው ወጪ መዝገብ ያለው ተቋም ነው፤ ቁጥሩም ደብዳቤው በየትኛው ፋይል ውስጥ እንደሚገኝ የሚጠቁም ነው። ግለሰብ ወጪ መዝገብ ስለሌለው የሚሰጠው ቁጥር ወደ የትም አይመራም። በእርስዎ ደብዳቤ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር ድርጅቱ ሲቀበልዎ በገቢ ማኅተሙ ውስጥ የሚሞላው ነው፤ ለዚያም ከገጹ አናት ላይ ባዶ ቦታ ይተዉ። ኃላፊውም ወደሚመለከተው ክፍል ሲመራው ማስታወሻውን የሚጽፈው እዚያው ነው። ወረቀቱ እስከ አናቱ ከተሞላ መሪው ማስታወሻ በጽሑፍዎ ላይ ተደርቦ ይጻፍና ሁለቱም የማይነበቡ ይሆናሉ።

የስድስት ኪሎ መምህር

እትዬ፣ ስለ ቁጥሩ የሰጡኝን ማብራሪያ ተቀብያለሁ። በመማሪያው ላይ የቀረበው ናሙና የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በመሆኑ ቁጥሩን ለሁሉም የሚሠራ አድርጌ ወስጄዋለሁ። ነገር ግን የላኪ አድራሻ ከላይ በስተቀኝ መሆን እንዳለበት በአቋሜ እጸናለሁ። በየጽሕፈት ቤቱ የሚጻፉ ማመልከቻዎች የላኪውን ስምና ስልክ ከፊርማው ሥር ብቻ እያስቀመጡ መምጣታቸው ልማድ ሆኗል እንጂ ከሥርዓቱ የመነጨ አይደለም።

ፒያሳ ኮምፒውተር ጽሕፈት

በየቀኑ ማመልከቻና ደብዳቤ የማስተካክል ሰው ስለሆንኩ፣ ቅርጹን በዎርድ ላይ ስለማውጣት ብቻ ልጨምር።

መምህር እንደመከሩት የላኪውን አድራሻ ወደ ቀኝ በሚያስጠጋው ምልክት ካደረጉት የእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ይስተካከላል፤ መነሻው ግን አንዱ ረዝሞ ሌላው አጥሮ እንደ ደረጃ ይሆናል። በስተቀኝ ማለት የሁሉም መስመር መነሻ ከገጹ መካከል አለፍ ብሎ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ይሁን ማለት ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ለማግኘት የባዶ ቦታ ቁልፉን ደጋግመው ይጫናሉ፤ የባዶ ቦታው ስፋት በቅርጸ ፊደሉና በመጠኑ ስለሚወሰን ግን ባዶ ቦታዎቹ በቁጥር እኩል ቢሆኑ እንኳ የአንዱ መስመር ቅርጸ ፊደል ወይም መጠን ሲቀየር አሰላለፉ ይፈርሳል። በእርስዎ ፋይል ላይ ይህ መኖሩን ለማወቅ `Ctrl+Shift+8` ይጫኑ፤ በመስመሮቹ መነሻ ላይ ተደርድረው የሚታዩ ትናንሽ ነጥቦች ካሉ እነሱ ባዶ ቦታዎች ናቸውና ያጥፏቸው።

ከዚያ የላኪውን አድራሻና ቀኑን አንድ ላይ መርጠው ወደ ግራ እንዲጠጉ ያድርጓቸው፤ ቀጥሎ `Layout` በሚለው ገጽ ላይ `Indent` ከሚለው ሥር `Left` በሚለው ሳጥን ውስጥ `9 cm` ብለው ይጻፉ። ኤ4 ወረቀት 21 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። በስተግራ 3 ሴንቲ ሜትር፣ በስተቀኝ 2 ሴንቲ ሜትር ኅዳግ ከተዉ ለጽሑፍ 16 ይቀራል፤ ከዚህ ላይ 9 ሲነሳ ለአድራሻው 7 ሴንቲ ሜትር አለዎት ማለት ነው። ክፍለ ከተማን፣ ወረዳንና የቤት ቁጥርን በአንድ መስመር ካጨናነቁት ግን 7 ሴንቲ ሜትር ስለማይበቃው ይታጠፋል፤ ስለዚህ በሁለት መስመር ይክፈሉት። በስተግራ ሰፋ ያለ ኅዳግ መተው ያስፈለገው ወረቀቱ በፋይል ውስጥ ሲታሰር ቀዳዳው ፊደል እንዳይበላ ነው።

ሁለተኛው ችግር ከስልክ የተገለበጠ ጽሑፍ ላይ ሁልጊዜ የማየው ነው። ሐተታው በሁለቱም ጎን እኩል እንዲሆን ተብሎ ሙሉ ገጹ ሲመረጥና `Justify` ሲደረግ፣ በ`Shift+Enter` የተከፋፈሉት የአድራሻ መስመሮች ይለጠጣሉ። «አዲስ» የሚለው በግራ ጫፍ፣ «አበባ» የሚለው በቀኝ ጫፍ ተቀምጦ ካዩ ምክንያቱ ይህ ነው። `Justify` የሚደረገው ለሐተታው አንቀጾች ብቻ ነው። በሌላ በኩል የአድራሻውን መስመሮች በ`Enter` ብቻ ከለያዩ ዎርድ በየመስመሩ መካከል ክፍተት ስለሚጨምር ይራራቃሉ፤ ስለዚህ አድራሻውን በ`Shift+Enter` ጽፈው ወደ ግራ ማስጠጋቱ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በጽሑፍዎ ላይ አራት ነጥቡ በሁለት ሁለት ነጥብ የተሠራ መሆኑንም አይቻለሁ። ሲታይ አንድ ይመስላል፤ መስመር ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን አንዱ ነጥብ ከላይ ቀርቶ ሌላው ወደሚቀጥለው መስመር ሊወርድ ይችላል። «።» የሚለውን ራሱን የቻለ ምልክት ይጠቀሙ።

ለገሃር

በአንድ የግል ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ስለምሠራ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ወደ እኔ ጠረጴዛ ይመጣሉ። እስካሁን ያልተነሳ አንድ ነገር ስላለ ልጠቁም፤ እሱም የቀን አጻጻፍ ነው።

«ከ1/1/2011 እስከ 30/10/2016» ተብሎ የተጻፈውን እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ካነበብነው ከመስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ይኸው ቁጥር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲነበብም ከጃንዋሪ 2011 እስከ ኦክቶበር 2016 የሚል ምንም ስህተት የማይመስል ጊዜ ይሰጣል፤ በሁለቱም መንገድ አምስት ዓመት ከአሥር ወር ስለሚሆን በስሌትም አይያዝም። በእኛ ክፍል ያለ ባለሙያ ማስረጃውን በእንግሊዝኛ ሲያዘጋጅ ቁጥሮቹን እንዳሉ ቢገለብጣቸው የእህታችን የሥራ ዘመን በሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ወደ ኋላ ይሄዳል። ትክክለኛው የአውሮፓውያን ቀን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2018 እና ጁላይ 7 ቀን 2024 ነው። ስለዚህ በሐተታው ውስጥም ሆነ ከላይ በደብዳቤው ቀን ላይ የወሩን ስም በፊደል ጽፈው «ዓ.ም.» ብለው ይዝጉት።

ጥያቄውን በተመለከተም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ሲጠይቅ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የሚያገኘውን ደመወዝ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ያዛል። ሦስቱንም በደብዳቤዎ ውስጥ በስማቸው ከጠሯቸው ማስረጃው ሲደርስዎ አንዱ ጎድሎ እንደገና አይመላለሱም። አዋጁን በራሱ በደብዳቤው ላይ መጥቀስ ግን ለመጀመሪያ ጥያቄ አያስፈልግም ባይ ነኝ፤ ሲነበብ እንደ ማስጠንቀቂያ ይመስላል።

ልደታ

እኔ ግን አዋጁ በጉዳዩ መስመር ላይ ሳይቀር መጠቀስ አለበት እላለሁ። ሕግ የጠቀሰ ሰው በቶሎ ይስተናገዳል።

መዝገብ ቤት ነበርኩ

ወንድሜ፣ የጉዳይ መስመር ወደ መዝገብ የሚገለበጥ ስለሆነ ምን እንደተጠየቀ ብቻ በአንድ መስመር መናገር አለበት። «ጉዳዩ፡- የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ሰዎች «ጉዳዩ፡- ማመልከቻ ስለማቅረብ» ብለው ሲጽፉ ምንም አልነገሩንም፤ ወረቀቱ ማመልከቻ መሆኑን እያየነው ነው። የአዋጁ ቁጥር አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ፣ ማለትም የመጀመሪያው ደብዳቤ መልስ ካጣ፣ በሁለተኛው ደብዳቤ ሐተታ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያው ደብዳቤ ገቢ የሆነበት ቁጥርና ቀን አብሮ ይጠቀሳል።

ለዚህም ሲባል ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አትመው ሁለቱንም ይፈርሙባቸው። አንዱ እዚያ ይቀራል፤ በሌላው ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን አስደርገው ለራስዎ ይያዙት። ያለ ማኅተም የተቀበለ መዝገብ ቤት አልተቀበልኩም ቢል የሚያሳዩት ነገር አይኖርዎትም።

ከሐተታው ውስጥ መውጣት ያለባቸው ሁለት ነገሮችም አሉ። ግልባጭና አባሪ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ተቀብረው መቅረት የለባቸውም። ግልባጭ ከስምና ከፊርማ በታች በስተግራ «ግልባጭ፡-» ተብሎ ለማን እንደሚደርስ ይጻፍበታል። ይህን የሚያየው ደብዳቤውን የሚያሰራጨው ሰው ነው እንጂ የሚወስነው ኃላፊ አይደለም። የአባሪው ገጽ ብዛት ደግሞ በቁጥር ይገለጽ፤ ወረቀቱ ከደብዳቤው ተነጥሎ ቢጠፋ ተያይዞ እንደነበር የሚመሰክረው ይህ ቁጥር ነው።

የካዛንቺሷ

እትዬ፣ ወንድሞቼና መምህር፣ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተሰጠኝ ምክር መሠረት እንደገና አዘጋጅቼዋለሁ። እዚህ ላይ ወደ ቀኝ ማስጀመር ስለማይቻል የሚቀመጥበትን ቦታ በማዕዘን ቅንፍ አመልክቻለሁ።

> [ከላይ ባዶ ቦታ፤ ከዚያ በስተቀኝ]
> (ሙሉ ስም ከነአያት)
> ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ …
> የቤት ቁጥር …
> ስልክ፡ …
> ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.
>
> [በስተግራ]
> ለ (የድርጅቱ ሙሉ ስም)
> የሰው ሀብት አስተዳደር መምሪያ
> <u>አዲስ አበባ</u>
>
> [በመካከል]
> <u>ጉዳዩ፡- የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ</u>
>
> ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ከመስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ድረስ በድርጅቱ ውስጥ በሂሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ ሳገለግል ከቆየሁ በኋላ በራሴ ፈቃድ ሥራዬን ለቅቄያለሁ። በእጄ የነበረውን ንብረትም አስረክቤ ክሊራንስ ወስጃለሁ።
>
> በአሁኑ ጊዜ ለሌላ የሥራ መደብ ለመወዳደር የሥራ ልምድ ማስረጃ ስላስፈለገኝ፣ የነበረኝ የሥራ መደብ፣ የአገልግሎት ዘመኔና ስለቅ ይከፈለኝ የነበረው ደመወዝ ተገልጾ ማስረጃው እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የክሊራንሱን ቅጂ 1 ገጽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።
>
> [በስተቀኝ]
> ከሰላምታ ጋር
>
> (ፊርማ)
> (ሙሉ ስም)
>
> [በስተግራ]
> ግልባጭ፡-
> ለሂሳብ መምሪያ
> <u>አዲስ አበባ</u>

አንድ የቀረኝ ጥያቄ ግልባጩን የሚመለከት ነው። ለሂሳብ ክፍል ግልባጭ እንዲደርስ የፈለግሁት ደመወዜን የሚያረጋግጡት እነሱ ስለሆኑ ነው። ይህ ተገቢ ነውን?

ለገሃር

በጣም ጥሩ ሆኗል። ግልባጩ ግን መቅረት አለበት። ደመወዝን ከሂሳብ ክፍል ማረጋገጥ የሰው ሀብት ክፍሉ የውስጥ ሥራ ነው፤ ለድርጅቱ ሌላ ክፍል ከውጭ ግልባጭ ሲደረግ ኃላፊው ያልታመነ መስሎ ሊሰማው ይችላል። በተቃራኒው የክሊራንሱ መያያዝ ጉዳዩን ያፋጥናል፤ እኛ መጀመሪያ የምንጠይቀው እሱን ነውና።

«ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» የሚለውንም ያውጡት። ርዕሱ ላይ የተገለጸው የማስረጃ ጥያቄ ነው፤ ከዚህ ሐረግ ቀጥሎ የመጣው ግን የቅጥር ዘመንዎ ነው። በቀጥታ «ከመስከረም 1 ቀን» ብለው ቢጀምሩ ዐረፍተ ነገሩ ይጠራል።

የስድስት ኪሎ መምህር

በዚህ ላይ እለያለሁ። ይህ መግቢያ ሐተታውን ከጉዳዩ ጋር የሚያስተሳስርና አንባቢውን በአክብሮት የሚያስገባ የደብዳቤ ወግ ነው። ወጣቱ ትውልድ ሁሉንም እያሳጠረ ሲሄድ ደብዳቤ ትእዛዝ መምሰል ይጀምራል።

መዝገብ ቤት ነበርኩ

ስለ መግቢያው ሁለታችሁም ምክንያት አላችሁ፤ እኔ ለሚኒስትር በሚጻፍ ደብዳቤ እተወዋለሁ፣ በእንዲህ ያለ አጭር ጥያቄ ግን አወጣዋለሁ። መዝገብ ቤት በዚህ ምክንያት ደብዳቤ አይመልስም።

ስለ ግልባጩ ከለገሃር ወንድማችን ጋር እስማማለሁ። በ«ከሰላምታ ጋር» እና በስሙ መካከል ለፊርማ የተተወው ቦታ ግን ጠባብ ነው። ሦስት ወይም አራት ባዶ መስመር ካልተተወ ፊርማው በተጻፈው ስም ላይ ይወድቅና ስሙ አይነበብም። እህቴ፣ እርስዎ ማኅተም ስለሌለዎት እርስዎን ከደብዳቤው ጋር የሚያገናኘው ፊርማው ብቻ ነው፤ ክሊራንሱ ላይ ከፈረሙት ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፤ ጎን ለጎን ያስተያዩታል።

የካዛንቺሷ

እነዚህን ሁሉ አስተካክያለሁ። ስልኬን ከላይ በአድራሻው ውስጥ ስላስቀመጥኩት ከስሜ ሥር መድገም ይኖርብኝ ይሆን?

ለገሃር

እኔ ብሆን እደግመው ነበር። ማስረጃው ተዘጋጅቶ ሲያልቅ የምንደውለው ደብዳቤው በፋይል ውስጥ ከታሰረ በኋላ ነው፤ ዓይናችን መጀመሪያ የሚሄደውም ወደ ስሙና ወደ ፊርማው ነው።

የስድስት ኪሎ መምህር

አንድ ነገር ሁለት ጊዜ መጻፍ በመደበኛ ደብዳቤ ውስጥ ቦታ የለውም። አድራሻ በአድራሻ ቦታ ላይ ይጻፋል።

ፒያሳ ኮምፒውተር ጽሕፈት

ከእኔ ዘንድ የሚመጡ ደንበኞች ግማሾቹ ከላይ፣ ግማሾቹ ከታች አድርግልኝ ይላሉ፤ በሁለቱም መንገድ የተጻፉት ገብተው ማኅተም ተደርጎባቸው ሲመለሱ አይቻለሁ። እህቴ፣ ለማሳተም ወደ ሌላ ቤት የሚሄዱ ከሆነ ግን ፋይሉን ከዎርድ በተጨማሪ በ`PDF` አስቀምጠው ይውሰዱት። እርስዎ የተጠቀሙበት ቅርጸ ፊደል በዚያ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ዎርዱ በሌላ ይተካዋል፤ የፊደሉ ስፋት ሲለወጥም አንድ ገጽ የነበረው ደብዳቤ ፊርማውን ብቻ ይዞ ወደ ሁለተኛ ገጽ ሊሻገር ይችላል። ፊርማ ብቻውን የሰፈረበትን ሁለተኛ ገጽ ደግሞ ማንም መዝገብ ቤት በደስታ አይቀበልም።

መዝገብ ቤት ነበርኩ

ልክ ነው፤ ፊርማው ቢያንስ ከሐተታው የመጨረሻ አንቀጽ ጋር በአንድ ገጽ ላይ መሆን አለበት። ክሊራንሱን ሲያያይዙ ከደብዳቤው ኋላ አድርገው በላይኛው የግራ ማዕዘን ላይ በስቴፕለር ይምቱት፤ የቀኙን ማዕዘን ለገቢው ማኅተም ይተዉላቸው።